የሹፌሮች ማስታወቂያ የመጀመሪያው መስመር

ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ ቢሮ በጽዳት ተቀጠርኩ። ድርጅቱ በስልክ ታክሲ የሚያገናኝ ነው። መኪኖቹ የድርጅቱ አይደሉም። ሹፌሩ የራሱን መኪና ይዞ ይመዘገባል፣ ተሳፋሪው በስልኩ ይጠራዋል፣ ድርጅቱም ከእያንዳንዱ ጉዞ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ የሚጠራው ሰው ከሹፌሮቹ በለጠ። ያኔ ነው መዳም ከወለሉ ላይ ቀና ያደረገችኝ።

መዳም የምንላት ሹፌሮችን የምትመዘግበዋን የአገሩን ሴት ነው። "አማርኛ መጻፍ ትችያለሽ?" አለችኝ በሶማሊኛ።

የተማርኩት ድሬዳዋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጽሕፈቴ ግን ያምር ስለነበር አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ የምታስጽፈው እኔን ነበር። መጻፍ ደስ ይለኛል፤ እየጻፍኩ ማንም አያየኝም። "እችላለሁ" አልኩ።

የሹፌር መጥሪያው ማስታወቂያ በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ ነበር። ፓትሮን፣ ማለት አለቃችን፣ እያንዳንዱን መስመር በሶማሊኛ አስረዳኝና ወደ አማርኛ መለስኩት። ላይ በትልቁ፣ "የራስህ አለቃ ሁን። በፈለግከው ሰዓት ሥራ። በወር እስከ…" ይልና አንድ ትልቅ ቁጥር ይከተላል። ታች በትንሹ፣ "የጅቡቲ መንጃ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ወረቀትና ኤሲው የሚሠራ የራስ መኪና ያስፈልጋል" ይላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። አንድ የአፋር ሹፌር አለን፣ በገቢ ከሁሉም የሚበልጥ። ቁጥሩ የእሱ ነው፣ ያውም እንግዳ በበዛበት በአንዱ ወር ያገኘው፣ ነዳጁና ኮሚሽኑ ሳይቀነስ። ማወቄን ግን አልተናገርኩም። የተሰጠኝን ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩ፤ እንዲያውም ከፈረንሳይኛው ይልቅ እንዲጥም ለፋሁ።

አንዱ ወረቀት ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ላይ፣ ሌላው የከባድ መኪና ሹፌሮች ከሚያርፉበት ከፒኬ 12 አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተለጠፈ። አማርኛ የሚደውለውን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ በማግስቱ ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ።

"እህት፣ መኪናውን መቼ ነው የምታስረክቡን?"

"መኪናው የራስዎ ነው የሚሆነው።"

"የራሴ ካለኝ እናንተን ምን አደርጋለሁ?"

ሌላው ይደውላል። "ያለኝ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው፣ አስራ ሁለት ጎማ የነዳሁ ሰው ነኝ።"

"የጅቡቲ መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ታች ተጽፏል።"

"ታች? እኛ ጋ ታች የሚባል የለም!"

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ረቡዕ ምሳ ላይ ነው።

የምኖረው ሃያብለ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ነው፤ የእናቴ ወንድም ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ እዚሁ ወለደው፤ ወረቀቱም መንጃ ፈቃዱም የዚህ አገር ነው። በሰው ከባድ መኪና ከወደቡ አዲስ አበባ ሲመላለስ ወገቡ አልቋል። ያገለገለች የቤት መኪና ለመግዛት ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅም ነበር። የዚያን ቀን ፊቱ በርቶ ገባ።

"አንቺ ጸጥተኛ!" አለኝ። "እንዲህ ያለ ሥራ አጠገብሽ እያለ ቃል አትተነፍሽም? ከሰው አፍ ልስማ?"

እቤት የነገርኩት አጸዳለሁ ብዬ ነው፤ ማስታወቂያው የእኔ እጅ መሆኑን አያውቅም።

"ምን ሰማህ አጎቴ?"

"ፒኬ 12 ምግብ ቤት አንዱ ጮክ ብሎ አነበበልን። የራስህ አለቃ፣ በፈለግከው ሰዓት፣ በወር ይህን ያህል።" ቁጥሩን "እስከ" የምትለውን ትቶ ነው የጠራው። "ለከባዱ መኪና ባለንብረት ልተው ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። ተጭኖ እሁድ ጠዋት የሚወጣ አለ። ወይ ይዤው እሄዳለሁ ወይ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ተራ የሚጠብቅ ልጅ አለ። አስረክባለሁ፣ አበቃ።"

"እስከ ታች አነበበላችሁ?"

"ጥብስ መጣ እኮ። ማን ያነባል?"

ያን ማታ አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ቁልፉን ካስረከበ የሚመልስለት የለም። የመኪናዋን ገንዘብ ከፍሎ፣ ያንን ቁጥር ጠብቆ፣ ባያገኘውስ? ንገሪው ይለኛል ልቤ፤ አፌ ላይ ሲደርስ "ሻይ ልጨምርልህ?" ይሆናል።

ሐሙስ የአፋሩ ሹፌር የታደሰውን የኢንሹራንስ ወረቀት ሊያስመዘግብ መጣ። በፊት ከባድ መኪና ስለነዳ አማርኛ ይሞካክራል። መጥረጊያውን እንደያዝኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ "ያ ቁጥር የአንተ ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "የእኔ ነው። እንደዚህ አገር ዝናብ አንዴ መጥቶ ሄደ።"

"በሌላው ጊዜስ?"

"ጠዋት ሥራ አለ። ጫቱ ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ያኔም አለ። ከዚያ በኋላ ከሰባት እስከ አስር ከተማው ይሞታል። በሮቹን ከፍቼ ጥላ ሥር እተኛለሁ። ሲመሽ እንደገና ይነሳል። በፈለግከው ሰዓት አላችሁ፤ ሰዓቱን የሚፈልገው ተሳፋሪው ነው እንጂ እኔ ነኝ? ካምሲኑ፣ ያ የበጋ ትኩስ ነፋስ፣ ሲነፍስ ደግሞ ኤሲው ነዳጁን እንደ ግመል ይጠጣል።"

"ታዲያ ለምን አትተወውም?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "አቦ፣ ቤቴ አድራለሁ! ስንት ዓመት ጋቢና ውስጥ ተኛሁ? አሁን ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ይህን ለምን አልጻፋችሁም?"

ዕቃ ቤት ገብቼ በተረፈ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። "መኪናው የራስህ ነው፣ ነዳጁም የራስህ ነው። የጅቡቲ መንጃ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ወረቀትና ኤሲው የሚሠራ መኪና ከሌለህ አትድከም። ከየጉዞው ኮሚሽን ይቆረጣል፤ ስንት እንደሆነ ሳትመዘገብ በጽሑፍ ታያለህ። ሥራ የሚበዛው ጠዋትና ምሽት ነው፤ ከቀኑ ሰባት እስከ አስር ብዙውን ጊዜ መጠበቅ ነው። ገቢው ከወር ወር ይለያያል። ማታ ግን ቤትህ ታድራለህ። ከመወሰንህ በፊት አንድ ቀን ከሚሠራ ሹፌር አጠገብ ተቀምጠህ እይ።" የመጨረሻዋን ማንም አልነገረኝም፤ አጎቴን እያሰብኩ ነው የጻፍኳት።

ወረቀቱን መዳም ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ልወጣ ስል፣ "እኔ ይህን ፊደል መቼ አውቃለሁ? በአፍሽ ንገሪኝ" አለች። ፓትሮንም ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በሶማሊኛ ተረጎምኩላቸው፤ ድምፄ እየጠፋ ሁለት ቦታ ላይ "ምን? ምን?" አሉኝ።

"ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?" አለ ፓትሮን። "ሹፌር ጥሪ ብዬሽ ሹፌር ታባርሪያለሽ?"

መዳም ግን መሳቢያዋን ሳበችና አንድ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ ጣለች። "እነዚህ ባለፈው በፈረንሳይኛው ወረቀት፣ በዚሁ ቁጥር የመጡት ናቸው። ተመዝግበው፣ ሠርተው፣ ስልካቸውን ዘጉ። አሁን ባልባላ ሰፈር ውስጥ ውሸታሞች እየተባልን ነው። ለሚሸሽ ሰው ስንት ጊዜ ፎርም ልሙላ?"

"ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ያገኘ አለ" አለ ፓትሮን።

ያገኘው ሰው ኢንሹራንሱን ይዞ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። "ፓትሮን፣ ያንን ወር መልሰህ ካመጣህልኝ እኔም እንደ አዲስ እመዘገባለሁ" አለው።

ፓትሮን ሳይወድ ሳቀ። ወረቀቱን አንስቶ የማያውቀውን ፊደል አገላበጠው። "እሺ፣ ቁጥሩ ይውጣ። ግን ቤትህ ታድራለህ የሚለው ከላይ ይሁን። ነዳጁን ታች አውርጂው።"

"አይሆንም" አልኩ። ራሴ ደነገጥኩ። "ምግብ ይመጣል።"

"ምን ይመጣል?"

"እዚያ አንድ ሰው ነው የሚያነብላቸው፣ ምግብ እየጠበቁ። ምግቡ ከመጣ ይቆማል። ታች ያለውን ማንም አይሰማም።"

መዳም አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ፓትሮን አልሳቀም፤ "እንግዲያው ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ አድርጊያቸው" አለኝ። አደረግኳቸው፦ "መኪናውም ነዳጁም የራስህ ነው፤ ማታ ግን ቤትህ ታድራለህ።" እኔ ብቻዬን ከጻፍኩት ይሻል ነበር።

ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው። አዲሱን ወረቀት ይዤ ፒኬ 12 ወረድኩ። ለጥፌው ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ምግብ ቤቱ ሙሉ ነው፤ አጎቴ ጥግ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። አሮጌውን ስገነጥል አንዱ፣ "ኧረ ሥራችንን የት ትወስጃታለሽ?" አለ።

"የተለወጠ ነገር አለ።"

"አንብቢያ! አንባቢያችን መንገድ ላይ ነው።"

ሌላ ሰው እንዲያነበው ልሰጥ እጄን ዘረጋሁ፤ የተቀበለኝ የለም። አጎቴ ያየኛል። ጀመርኩ።

"ጮክ በይ፣ ከሞተር ጋር ነው የኖርነው!"

ጮክ አልኩ። ኮሚሽኑ ላይ አንዱ አጉረመረመ። ከሰባት እስከ አስር የሚለው ላይ ሌላው፣ "ይሄ ሥራ ነው ንስሐ?" ብሎ አሳቃቸው። ሳህኖች መጡ፤ እኔ ግን አላቆምኩም፣ እስከ ታች ሄድኩ። አጎቴ ብቻ አልሳቀም። የጎረሰውን ዋጠና፣ "የቀድሞውንስ ማን ነው የጻፈው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ረቡዕ አብረን በላን። ትናንትም አብረን በላን።"

ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ ሳህኑ ላይ ግማሹ ቀርቶ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ አላናገረኝም፤ ቁልፉን ምን እንዳደረገ አልጠየቅኩም፣ መጠየቅም አልቻልኩም።

እሁድ ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ቢሮ ገብቼ ወለሉን ጀመርኩ፣ ተውኩ፣ ስልኩ አጠገብ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። መዳም፣ "ወይ አጽጂ ወይ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ" አለችኝ። አራት ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጮኸ። ከሰው ድምፅ በፊት የከባድ መኪና ሞተር ሰማሁ።

"ጭኜ ወጥቻለሁ" አለ አጎቴ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ስመለስ ያንን አጠገቡ የሚያስቀምጠውን ሹፌር አስጠብቂልኝ። አንድ ቀን ሙሉ አየዋለሁ። የመኪናዋን ነገር ከዚያ በኋላ።"

"እሺ አጎቴ።"

"ደግሞ ሌላ ታች ያስቀመጥሽው ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ። ጥብስ የለም፣ መንገድ ላይ ነኝ።"

ካምሲኑ ሲነፍስ ኤሲው ነዳጁን እንዴት እንደሚጠጣ ነገርኩት። ከዚያ ወደ አማርኛ የመለስኩትን የኮሚሽኑን ወረቀት ከመዳም ጠረጴዛ አንስቼ፣ እሷ እያየችኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነበብኩለት። ሞተሩ ስለሚጮህ እኔም እየጮህኩ ነበር።