ባርኔጣውን ያወለቀው ደላላ

የሰፈራችን ቤት አሻሻጭ ሥራው እንደሚጠይቀው ይዋሻል፤ ክፋት የለውም። ግድግዳው የተሰነጠቀውን ቤት «አየር የሚያስገባ» ይለዋል። ጣሪያው የሚያፈሰውን «ዝናቡን ከአልጋህ ሳትነሳ ትሰማዋለህ» ይላል፤ እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነው። ያረጀ ቤት «ትናንት ያለቀ» ብሎ ሲያሞካሽ፣ ሻጩ ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ አልሸጥም ያለበት ጊዜ አለ። ለዚህ ምላሱ አፈ ቅቤ ብለን ስም አወጣንለት፤ እሱም እንደ ሹመት ተቀበለው።

የቤት ዕድሜ መቀነስ የለመደ ሰው ለራሱ ዕድሜ አይራራም። አፈ ቅቤ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመትም አርባ ስምንት ነበር፤ ከዚያ በፊትም። ትልቋ ልጁ አርባ ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል፤ «ገና ድክ ድክ ሲል ወልዷት ነው» እያልን እንስቃለን።

ሌላው መታወቂያው ቡናማ ባርኔጣው ነው። ከመኝታው ሲነሳ ከጫማው በፊት የሚፈልገው እሱን ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት ባዶ ራሱን ብቅ አለ። በማግስቱም ባዶ ራሱን። ሰፈሩ ሥራ ፈታ።

ወሬውን ያቀጣጠለው ፀጉር ቆራጩ ነው፤ እሱ ከሰው ፀጉር የሚቆርጠውን ያህል በሰው ወሬ ላይ ይቀጥላል። አፈ ቅቤ ሊስተካከል ተቀምጦ ማበጠሪያው የራሱን ጎን ቢነካው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ጭንቅላቴን ልትገሸልጠው ነው እንዴ!» ብሎ፣ ግማሹ የተቆረጠ ግማሹ ያልተቆረጠ እንደሆነ ወጣ። ፀጉር ቆራጩ ወዲያው ፍርድ ሰጠ፦ ቀለም ተቀብቷል፣ ቀለሙ ቆዳውን አቃጥሎታል። ሽማግሌ ደግሞ ለሚስቱ ብሎ ፀጉሩን አይቀባም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ባለው መስኮት ሥር አድርጋ ትሰፋለች፤ የሚያልፈው ወሬ ሁሉ እሷ ዘንድ ሳይለካ አያልፍም። ፀጉር ቆራጩ አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ብሎ መጣ። ሱሪው ግን ቀድሞም አጭር ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ነገር አልወድም።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ለዚህ አይደል አጭር ሱሪ ይዘህ የመጣኸው።»

«ትናንት አፈ ቅቤ አንድ ፎቅ ቤት ሊያሳያት ለመጣች ሴትዮ ዓይኑን ሲጠቅስ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ጨፈነ። ሦስት ጊዜ! ሰው አንዴ ይጠቅሳል፤ ሦስት ጊዜ ከሆነማ ነገሩ ገፍቷል።»

ሚስትየዋ በአፏ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «የቱን ዓይኑን?»

«ግራውን።»

«ሱሪህን አላሳጥርም። ሂድ።»

ሰውዬው ሲሄድ ወሬው ግን አብሮት አልሄደም፤ ቁጭ ብላ ማስላት ጀመረች። ባሏ ለወትሮው አጥንት ሳይቀር የሚያደቅ ሰው፣ አሁን ሥጋ ስታቀርብለት ሁለቴ ሦስቴ አኝኮ ሰሃኑን ይገፋል። ለምን ስትለው «ጠግቤያለሁ» ነው። ከየት ጠግቦ? ሾርባ ብቻ ፉት ብሎ ይነሳል፤ ሱሪው ግን እየሰፋው ሄዷል። ሌላ ቦታ የሚበላ ሰው ደግሞ ይወፍራል እንጂ አይከሳም፤ ይህ ትንሽ አደናገራት። ከዚያ «ፍቅር ነዋ የሚያከሳው» ብላ ራሷ መለሰች። ሰሞኑን ደግሞ መንጋጋዬን አመመኝ ብሎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ አንድ ደህና ጥርስ አስነቅሎ መጣ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥርስ ማሰማመር ከጀመረ ነገሩ አለቀ። ራሱን ልትዳብሰው እጇን ስትሰድ «አትንኪኝ!» ይላታል። ትራሱን እንኳ የራሱን ጎን እንዳይነካው ወዲያ ይገፋዋል።

አፈ ቅቤ ግን የያዘው ውሽማ ሳይሆን ራስ ምታት ነበር። እንዲህ ያለ ራስ ምታት በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ ከጆሮው በላይ ቀኝ ጎኑን ቀንና ማታ ሲጨመድደው ሳምንታት አልፈዋል። ባርኔጣው እሳት ሆነበት። ለገዥ ሲያወራ እንኳ መንጋጋው ይዝልና ያመዋል፤ ዝም ሲል ይተወዋል። ደላላ ዝም ካለ ደግሞ ምኑን ደላላ ሆነ! የፎቁን ቤት ለማሳየት የቆመ ዕለት ቀኝ ዓይኑ ላይ እንደ መጋረጃ የሆነ ጨለማ ወረደበት። የትኛው ዓይኑ እንደሆነ ለማወቅ ግራውን እየጨፈነ ሞከረ። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ተነሳ። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ቀለም ይቀባበታል። የራሱንም እንዲሁ አደረገው፤ ለማንም አልተነፈሰም።

ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ አላስቆም ሲለው ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሚስቱ ስፌቷን አቁማ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተከተለችው። ከሩቅ ስታያት ሻርፕ የለበሰ ቁጣ ትመስላለች። እሱ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ወዳለው ክሊኒክ ወጣ። ሰሌዳውን አነበበች፤ አልተሞኘችም። «ነርስ ናታ!» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን በሩ ላይ አስደግፋ ስትሰማ፣ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ፣ ለስለስ ያለ፦ «ጃኬትዎን ያውልቁና ክንድዎን ይስጡኝ።»

በሩ ተበረገደ።

ሐኪሟ የደም ግፊት መለኪያ በእጇ ይዛ፣ ባልየው እጅጌውን ሰቅስቆ፣ ሁለቱም ድርቅ ብለው ቀሩ።

«ያዝኩህ!» አለች ሚስት። የያዘችው ግን የበሩን እጀታ ነበር።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ባለቤትዎ ናቸው?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ!»

ሐኪሟ ወደ ካርዷ ተመለሰች። «እንግዲህ አባቴ፣ እንዳሉኝ ከሆነ ትንሽ ራስ ምታት ነው፤ ሥራ በዝቶብዎታል...»

«አባቴ አትበይኝ፣ ወንድሜ በይኝ» አለ አፈ ቅቤ፤ በዚህም ሰዓት።

«...ዕድሜዎ አርባ ስምንት...»

ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አርባ ስምንት? ማን? ይሄ? ስድሳ አራት ዓመቱ ነው! አርባ ስምንትማ ጫማው ነው!»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስድሳ አራት?»

«ሕይወት ጎድቶኝ ነው እንጂ...»

«ዝም በል! እኔ ልናገር። ዶክተር፣ አንቺ የሰው ልጅ ነሽ፣ ስሚኝ። ሥጋ ሳቀርብለት ሁለቴ አኝኮ ይተዋል። ሾርባ ይጠጣል፤ ሌላዋ ጋ በልቶ መሆኑ ነው። ባርኔጣውን ጣለ። ቀለም ተቀብቶ ራሱ ስለተቃጠለ ማበጠሪያ አያስነካም። ለእሷ ብሎ ጥርስ አስነቀለ። ከስቷል። በዚያ ላይ ይሄ ዓይን አውጣ በአደባባይ ለሴት ዓይኑን ይጠቅሳል! ግራውን!»

በሕይወቷ ክሷን እንደዚህ በጽሞና የሰማላት ዳኛ አልነበረም። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ባልየው ዞረች።

«ግራውን ለምን ጨፈኑት?»

አፈ ቅቤ የሚናገረው ስለ ቤት ቢሆን ኖሮ አንድ መቶ ቃል ነበረው። «ቀኙ ጨልሞብኝ» አለ። «ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።»

ሚስት ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች።

«ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይዝላል? ሲያርፉ ይተዋል?»

«ይተወኛል።»

ሐኪሟ በጣቷ ከቀኝ ዓይኑ ጎን ያለውን የደም ሥር ቀስ ብላ ዳበሰች። አፈ ቅቤ ጥርሱን ነከሰ። ሥሩ ገመድ መስሎ ደድሯል፤ ትርታውም ጠፍቷል ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። የግራው ግን ለስላሳ ነው፤ ይመታል።

«ስሙኝ» አለች። «የጭንቅላትዎ ደም ወሳጅ ሥሮች ግድግዳ ተቆጥቶ አብጧል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሥሩ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠባል። መንጋጋዎ ሲሠራ ደም ያንሰዋል፣ ያምዋል። የራስ ቆዳዎም ለዚህ ነው ማበጠሪያ የማይችለው። ይህ በሽታ ከሃምሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ አርባ ስምንት ሲሉኝ ማስታገሻ ሰጥቼ ልሸኝዎ ነበር። ይኸው በሽታ ለዓይን ደም የሚያደርሱትንም ሥሮች ይይዛል። ያ መጋረጃ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ ሲወርድ ላይነሳ ይችላል፤ የጠፋ ዓይን ደግሞ አይመለስም። አንዱ ከጠፋ ሌላውም ይከተላል።»

«ነገ እመጣለሁ» አለ አፈ ቅቤ። «ከሰዓት ቤት የማሳያት ሴትዮ አለች።»

«ሴትዮ!» አለች ሚስት።

«ገዥ ናት!»

«በምን ዓይንህ ልታሳያት? ተነስ!»

ሐኪሟ ወዲያው ለሆስፒታል ደወለች፤ የሥሩን መቆጣት፣ ብግነቱን፣ ለመመርመር ደም አስቀዳችና ውጤቱን ሳትጠብቅ ሰደደቻቸው። «ምርመራው ይደርሳል፤ ዓይን ግን አይጠብቅም» አለች። በዚያው ዕለት በክንዱ በኩል ከፍ ያለ መጠን ያለው፣ ስቴሮይድ የሚባል ብግነት አብራጅ መድኃኒት ጀመሩለት፤ ለሦስት ቀን። ከዚያ በክኒን ቀጠለ። የደም ምርመራው ብግነቱን ጣሪያ ነክቶ አገኘው። በሳምንቱ ከራሱ ጎን አደንዝዘው ከሥሩ ቁራጭ ወሰዱ፤ ጥርጣሬው ልክ ሆነ።

ራስ ምታቱ ግን መድኃኒቱ በገባ በማግስቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዶ ነበር። ሚስቱ ዳቦ አምጥታ ፊቱ ቆመች። አኘከ። ደገመ። ጨረሰ። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞራ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች፤ አቧራ ነው አለች። ሆስፒታሉ ውስጥ አቧራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰፈሩ አዘነ። ስለ ሕመሙ አይደለም፤ ውሽማ ስላልነበረች። ፀጉር ቆራጩ ግን እስከ ዛሬ አልተረታም፤ «በሽታውስ በሽታ ነው፣ ሦስት ጊዜ መጥቀሱ ግን?» ይላል።

አፈ ቅቤ ባርኔጣውን መልሶ ደፍቷል፤ ግን ጠቦታል፤ መድኃኒቱ ጉንጩን እንደ ሙሉ ጨረቃ ነፍቶታል። ሆዱም ያገኘውን ይበላል። ደህና ነኝ ብሎ ክኒኑን ሊተው አንድ ሁለቴ ሞክሮ ነበር። ሐኪሟ፣ ድንገት ቢያቆመው ሰውነቱ ሊከዳው፣ በሽታውም ሊመለስ እንደሚችል፣ መጠኑን እሷ ራሷ በጥቂት በጥቂቱ ዓመትና ከዚያ በላይ ወስዳ እንደምትቀንሰው ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ በሚስቱ የክር ሳጥን ውስጥ ነው፤ በውኃ አስውጣ አፉን አስከፍታ ታያለች። ያ አፍ እንዲህ ሲፈተሽ የመጀመሪያው ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስኮቱ ሥር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያያል፤ ከዚያ ያቀያይራል። ፀጉር ቆራጩ ከመንገዱ ማዶ ይቆጥራል። ሚስቱ ፊቱ ትቆማለች።

«ግራውን ጨፍን። ምን ታያለህ?»

«አንቺን።»

«ጥርት አድርገህ?»

«ጥርት አድርጌ።»

«ስንት ዓመቴ ይመስላል?»

አፈ ቅቤ የሞያ ነገር ሆኖበት አላመነታም። «ሠላሳ አምስት።»

ሴትየዋ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ተነስ፣ ጃኬትህን ልበስ። ሐኪሟ ዘንድ ነው የምንሄደው፤ ዓይንህ ገና አልዳነም።»