ርእሱ የተቆረጠው ገጽ

ቡታጅራ ውስጥ ተማሪዎቼ ከኋላዬ የሚጠሩኝ «ሾርትከት» እያሉ ነው። ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ የሚፈታ ከሆነ ሁለቱን ረጃጅሞች ዘልዬ አጭሩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጆቹም ይወዱልኛል። ቅጽል ስሙን ያልሰማሁ እመስል ነበር እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በኮሪደር ሲጠሩኝ በሰማሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ወልቂጤ የገባችው ባለፈው ዓመት ነው። ከቤታችን ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ሁለቱ ታላላቆቿ አሥረኛ ክፍል ሳይጨርሱ ተድረዋል፤ እናታችን እሷን ግን «ይቺን አታስነኩብኝ» ብላ ከስንት ሽማግሌ አስጥላታለች። ፋርማሲ ማጥናት ነበር የምትፈልገው። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የአንደኛ ዓመትን ትምህርት ማለፍ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መንፈቅ ነጥቧ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በሁለተኛው መንፈቅ ሒሳብን ቢያንስ ሲ ካላመጣች መሰናበቷ ነው፤ ሌሎቹን ትምህርቶች እንደምንም ይዛቸዋለች፣ አንቆ የያዛት ሒሳቡ ነው። ይህን ሁለታችን ብቻ ነበር የምናውቀው። ለእናታችን «ደህና ናት» ነበር የምላት።

የማጠቃለያ ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ከካልኩለስ ሃንዳውት ላይ የተነሳ አንድ ገጽ ነው። መጀመሪያ ማን እንዳነሳው አይታወቅም፤ ከዶርም ዶርም፣ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ነው እሷ ጋ የደረሰው። ገጹ ጋደል ብሏል፤ በአንድ ጥጉ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። ከላይ ደግሞ ርእሱና ከርእሱ ሥር የነበረው ማብራሪያ ተቆርጦ ከመጨረሻው መስመር የፊደላቱ እግር ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በታች ስድስት የሊሚት ጥያቄዎች አሉ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ከነዚህ ዓይነት ብዙ ይመጣል ተብሏል፤ አንዱም አልገባኝም» የሚል ጽፋለች።

መምህራን ክፍል ተቀምጬ ፈተና እያረምኩ ነበር። ስድስቱን ጥያቄዎች በዓይኔ ገረፍ አደረግኋቸው። እያንዳንዱ ላይ ኤክስ የሚጠጋበትን ቁጥር በኤክስ ቦታ በሐሳቤ ሳስገባው ከላይም ዜሮ፣ ከታችም ዜሮ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን መልሱ ገና አልተወሰነም፤ ዜሮ ለዜሮ ምንም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። ይህን ሁሉ በሐሳቤ አደረግሁት እንጂ ከአፌ አልወጣም። ለእኔ ማስገባቱ ዓይንን እንደ ማርገብገብ ነው፤ ዓይንን ማርገብገብ ደግሞ ማን ያስተምራል?

ወረቀት ስቤ የመጀመሪያውን ሠራሁላት። ኤክስ ወደ ሦስት ሲጠጋ፣ ኤክስ ስኩዌር ማይነስ ዘጠኝ ሲካፈል ለኤክስ ማይነስ ሦስት። በፋክተር፣ ማለትም ወደ ተባዦቹ ሲዘረዘር፣ የላይኛው ኤክስ ማይነስ ሦስት ሲባዛ በኤክስ ፕላስ ሦስት ይሆናል፤ ኤክስ ማይነስ ሦስቱ ከታችኛው ጋር ይጣፋል፤ የቀረው ኤክስ ፕላስ ሦስት ነው፤ ሦስትን ስናስገባ ስድስት። በዴሪቬቲቭ፣ በለውጥ መጠኑ ሲሆን ደግሞ የላይኛው ለብቻው ሁለት ኤክስ፣ የታችኛው ለብቻው አንድ፤ ሦስትን ስናስገባ ያው ስድስት። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፤ በድምፅም አብራራሁላት።

ሁለተኛውን ራሷ ሞከረችው። ኤክስ ወደ ሁለት ሲጠጋ፣ ኤክስ ኪዩብ ማይነስ ስምንት ሲካፈል ለኤክስ ስኩዌር ማይነስ አራት ነው። ፋክተሩ ላይ ተይዛ ቀረች፤ ኪዩቡን እንዴት እንደምትዘረዝረው ጠፋት። በዴሪቬቲቭ ግን ሦስት ኤክስ ስኩዌር ለሁለት ኤክስ፣ አሥራ ሁለት ለአራት፣ ሦስት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ወዲያው «ጋሼ የትኛውን ልያዝ?» አለችኝ። እኔም ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ «ለፈተና ዴሪቬቲቩን ያዢ። ፋክተሩ ጊዜ ይበላብሻል፤ ተይው» አልኳት።

ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት አዛውንት የሒሳብ መምህር ይሰሙኝ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ጠመኔ እጃቸው ላይ እስኪያልቅ የሚዘረዝሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ይሰለቻቸዋል፤ እኔም በልቤ እቀልድባቸው ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉኝ። ልጅቷ ፋክተር ስታደርግ ዜሮውን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ታየዋለች፤ ያንን ነው የምታጣፋው። የአንተው መንገድ መልሱን ይሰጣታል እንጂ ምን እንደሠራች አያሳያትም አሉ። እኔ ሳቅሁ። ፈተናው እኮ ሰዓት አለው፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እህቴ በዚያው ቀን ስድስቱንም ጨርሳ ላከችልኝ። ስድስቱም ልክ ነበሩ። «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ይህን ያህል ያስለቀሰኝ?» ብላ ጻፈች። ከጓደኞቿ ሌላ አሥር ጥያቄ ፈልጋ እሱንም ሠራች፤ ያም ከዚያው ሃንዳውት የወጣ ስለነበር ሁሉም ዜሮ ለዜሮ ነው፤ ሁሉም ልክ መጣላት። ገጹ ርእሱ ቢኖረው ኖሮ፣ የዴሪቬቲቩ ሕግ የሚሠራው ሲያስገቡት መልሱ ላልተወሰነ፣ እንደ ዜሮ ለዜሮ ላለው ብቻ መሆኑን ታነብ ነበር። ርእሱ በሌለበት የሊሚት ሕግ ሁሉ ይኸው መሰላት። የነገራት ደግሞ ወንድሟ ነው፤ የቡታጅራው ሾርትከት።

የፈተናው ቀን ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከባንዲራው እንጨት አጠገብ ቆሜ ነበር። ድምጿ እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። አልሐምዱሊላህ ብላ ጀመረች። ሊሚቶቹን በሙሉ ጨርሻቸዋለሁ፣ አንዱንም አልዘለልኩም፣ የተረፈኝን ሰዓት ለሌላው አዋልኩት አለች። ምን ምን እንደመጣ ጠየቅኋት። አንዱን ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች፤ ኤክስ ወደ ሁለት ሲጠጋ፣ ኤክስ ስኩዌር ፕላስ አምስት ሲካፈል ለኤክስ ፕላስ አንድ።

«ስንት አመጣሽ?» አልኳት።

«አራት። ሁለት ኤክስ ለአንድ አይደል? ሁለትን አስገባሁ፣ አራት።»

እኔም ዓይኔን እንደማርገብገብ ሁለትን አስገባሁት። ከላይ ዘጠኝ፣ ከታች ሦስት። ዜሮ የሚባል ነገር የለበትም። ዘጠኝ ለሦስት፣ ሦስት፤ አለቀ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያገኘዋል። ፋክተር ይዛ ብትገባ ኖሮ የላይኛው አይዘረዘርላትም፤ አልዘረዘርም ሲላት ምናልባት ቆም ብላ ቁጥሩን ታስገባ ነበር። ዴሪቬቲቩ ግን ለማንም እምቢ አይልም፤ ያቀረቡለትን ሁሉ ይሠራል፤ የተሳሳተውንም እንዲሁ አሳምሮ ይሰጣል።

«መጀመሪያ ሁለትን አስገብተሽ አየሽው ወይ?»

«ለምን አስገባለሁ? መንገዱ እኮ ያው ነው፣ አንተ እንዳሳየኸኝ። ልክ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ልክ ነሽ፣ ጎበዝ» አልኳት። ለምን እንዳልኳት ዛሬም አላውቅም። ደስታዋን ላለማበላሸት ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር። ፈርቼ ነው። «በል ዱዓ አድርግልኝ» ብላ ዘጋችው፤ እኔም የአራተኛው ክፍለ ጊዜ... የቱን ክፍለ ጊዜ እንዳስተማርኩ እንኳ ትዝ አይለኝም፤ ብቻ ክፍል ገብቼ ወጣሁ።

ውጤቱ እስኪለጠፍ ባሉት ቀናት አልተኛሁም፤ ብቻ ምናልባት ሌላው ይክሰው ይሆናል እያልኩ ነጥብ ስደምርና ስቀንስ ከረምኩ። አልካሰውም። ሒሳቡ ዲ ሆነ፤ ለሲ የጎደላት ትንሽ ነው፣ ከሊሚቶቹ ሁለቱ ቢመለሱላት የሚሞላ። ወረቀቷን እንዲያሳያት አስተማሪውን ጠይቃ አይታው ነበር፤ አብዛኞቹ ሊሚቶች ላይ ቀይ መስመር አለ አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ልትናገር አልፈለገችም። በዚያው ሳምንት የሚሰናበቱት ስም ወጣ።

ላመጣት ወልቂጤ ሄድኩ። ፍራሿን ጠቅልላ፣ ባልዲዋን መጽሐፍ ሞልታ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ሄድን፤ ፍራሹን ሚኒባሱ ላይ ጫንነው። መንገዳችን ላይ ባለችው አገና ከተማ ሰው ሲወርድና ሲወጣ፣ በመስኮቱ ወደ ገበያው እያየች «ጭንቅላቴ አይቀበልም ማለት ነው» አለች። አንጀቴን በላችው። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ልላት ነበር፤ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ኪሴን ዳበስኩና የሁለታችንን ከፈልኩ።

እናታችን አላለቀሰችም። አላህ ያላለውን ማን ያመጣዋል አለችና ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በሳምንቱ አዲስ አበባ ካለው አጎታችን ጋር ተነጋግራ ጨረሰች፤ ከሱቁ ሴት ሠራተኛ ለቃበት ስለነበር እህቴ በቦታዋ ልትገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ሽማግሌ መምጣቱ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። እህቴም እሺ አለች። እሺ ማለቷ ነው ከሁሉ የገደለኝ፤ ያቺ ስንቱን እምቢ ያለች ልጅ።

የምትሄድበት ቀን ጧት ግቢው ውስጥ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ያንን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ርእሱ መቆረጡን፣ ስድስቱም ዜሮ ለዜሮ መሆናቸውን፣ እኔ አይቼው ዝም ማለቴን፣ መጀመሪያ አስገብተሽ እዪ ማለት ሲገባኝ ፋክተሩን ተይው ማለቴን። ዘጠኝ ለሦስትንም መሬቱ ላይ በእንጨት ጻፍኩላት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ የነገርኩሽን ነው የሠራሽው አልኳት።

መሬቱ ላይ የጻፍኩትን ለረጅም ጊዜ አየችው። ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ቀና አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ያንን ገጽ ዶርሙ ሁሉ ነው ያየው፤ እነሱ አልፈዋል» አለች። «ሰበብ አትፈልግልኝ ጋሼ። አንተ ብትሳሳት ኖሮ ያን ቀን ስደውልልህ ትነግረኝ ነበር።»

ፎቶውን በጣቷ ተጭና ይዛ አጠፋችውና ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ዝም ብሎ ቦታ ይይዝብሃል አለችኝና ሻንጣዋን ልትዘጋ ገባች።