የመይሙና ሦስት ካርቶኖች

ቆቦ ውስጥ ተሰባሪ ዕቃ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ሰው ሁሉ መይሙናን ያውቃታል። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከዕቃ መላኪያው ቢሮ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ሱቅ አለቻት። የምትሸጠው ነገር የለም፤ የሰው ዕቃ ታሽጋለች። ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ስፖንጅ፣ ባለአረፋ ላስቲክ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ምላስ አላት፤ እሱ ለሁሉም ሰው በነጻ ነው።

ድሮ ራሷ ብርጭቆ ነጋዴ ነበረች። ከደሴ የምታስጭነው ብርጭቆ ቆቦ ሲደርስ ሲሶው ስብርባሪ ይሆንባት ነበር። ከየስብርባሪው አንዳንድ ነገር እየተማረች ሰነበተች። ባሏ ኡበይድ ካረፈ በኋላ ንግዱን ተወችና፣ “ከእንግዲህ ቢሰበርም የሰው ነው፤ እኔን አያስለቅሰኝም” ብላ ማሸጉን ያዘች። ውሸቷን ነው። የሰውም ሲሰበር ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከዋጃ የመጣች ሴት ብርጭቆዎቿን ባልዲ ሙሉ ማሽላ ውስጥ ቀብራ ይዛላት መጣች። ልጇ ኮምቦልቻ ቤት ይዟል፤ ብርጭቆው ለእሱ ነው።

“እታለም፣ ይሄ ማሽላ ለማን ነው?” አለቻት መይሙና።

“ለብርጭቆው ነዋ፤ እንዳይሰበር።”

“ብርጭቆውን ልትቀልቢው ነው?”

ሴትዮዋ ሳቀች። መይሙናም እየሳቀች ማሽላውን ወደ ጆንያ ገለበጠችው። እህል ይከብዳል፤ መኪናው በነቀነቀው ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ይሰርግና ላይኛውን ዕቃ ያለ መከታ ያስቀረዋል። ጭድም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ እርጥበት ይይዛል፣ ነፍሳት ያፈራል። ይልቅ እያንዳንዱን ብርጭቆ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለች፤ ሆዱን በተጨማደደ ወረቀት ሞላች፤ በላዩ ባለአረፋውን ላስቲክ ደረበችለት። ካርቶኑን በወፍራም ወረቀት እንደ መስኮት ከፋፍላ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ክፍል ሰጥታ አቆመችው። ከታች ስፖንጅ፣ ከጎን ስፖንጅ፣ ከላይም ስፖንጅ። ከዚያ ካርቶኑን አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ድምፅ ካለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ሰሃን ሲመጣላት ደግሞ አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝታ አትደራርብም። አንድ በአንድ ጠቅልላ፣ መሃል ለመሃል ስስ ስፖንጅ አግብታ፣ በጠርዙ ታቆመዋለች፤ ተኝቶ የተደራረበ ሰሃን አንድ ምት ሲያገኘው የታችኛው የሁሉንም ክብደት ይቀበላል። መስታወት ከሆነ ፊቱን በፕላስተር አጣምራ ትለጥፋለች፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ስባሪው እንዳይበተን ነው። አራት ማዕዘኑን ታለብሳለች፤ ከፊትና ከኋላ ካርቶን ታደርግና ቆሞ እንዲሄድ ትጽፍበታለች። የሸክላ ዕቃ ሲሆን በሁለት ካርቶን፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከታ፣ በመሃላቸው ያለውን ክፍተት ትሞላለች።

ለእያንዳንዱ ካርቶን የዕቃ ዝርዝር ትጽፋለች። “ካርቶን አንድ ከሁለት” ብላ ትጀምርና ምን እንዳለበት፣ ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደታሸገ፣ ስንት ኪሎ እንደመዘነ፣ ላኪና ተቀባይ ከነስልካቸው ትሞላለች። አንዱ ቅጂ ከዕቃው ላይ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ በላስቲክ ተሸፍኖ ውጭ ይለጠፋል፣ አንዱ ቢሮ ይቀራል። በቢሮው ሚዛን ላይ የሚሠራው ቢኒያም የእሷን ወረቀት ሲያይ ደስ ይለዋል። የመይሙና ወረቀትና የእሱ ሚዛን ተጣልተው አያውቁም።

የሷ ነገር የተበላሸው ፈሪሀ የወለደች ጊዜ ነው።

ፈሪሀ አንድ ልጇ ናት፤ ናዝሬት አግብታለች። የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት መጥቶ መውለድ ደንብ ነው፤ መይሙናም ክፍሉን አስለስና፣ ፍራሹን አስመትታ ስትጠብቅ ከረመች። ነገር ግን ሐኪሙ መንገዱን ከለከለ። ፈሪሀ እዚያው ናዝሬት በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። አማቷ ደውለው የምሥራቹን ሲያሰሙ፣ “አታስቢ እታለም፣ ሱቅሽን ያዢ፣ እኛ አለንላት” አሏት።

መይሙና “አላህ ይስጥልኝ” ብላ ስልኩን ዘጋችና ያስለሰነችው ክፍል ውስጥ ገብታ ብቻዋን ተቀመጠች። ሴትዮዋ ሊያሳርፏት ያሉትን እሷ አትምጪ እንዳሏት ቆጠረችው። ልጅቷም በየቀኑ ትደውላለች እንጂ ነይ አላለቻትም። ሳይጠሩኝ ሄጄ በሰው ቤት እንግዳ ልሁን? ብላ ኮራች። እንዲህ ከሆነ ግን የልጅ ልጇን ሽታ ያላወቀች አያት ሆና ልትቀር ነው።

መሄዱን ስትተወው ዕቃ ልላክ አለች። ለፈሪሀ ሠርግ የገዛችውንና ልጅቷ “ኋላ እወስደዋለሁ” ብላ ቡፌው ውስጥ የተወችውን አወረደች። ካርቶን አንድ፣ ከንፈራቸው ወርቃማ የሆኑ የሻይ ብርጭቆዎች። ካርቶን ሁለት፣ ሰሃኖች። ካርቶን ሦስት፣ ለአራስ አጥሚት ማቆያ አዲስ ፔርሙዝ። ፔርሙዝ ውጭው ቆርቆሮ ቢሆንም ሆዱ ብርጭቆ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑን ለብቻ ጠቀለለች፣ ዙሪያውን በስፖንጅ አቅፋ መሃል ላይ አቆመችው።

እስከዚህ ድረስ እጇ አልሳተም። ከዚያ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው የቅቤ ዕቃ ላይ አረፈ። ከሮቢት ሴቶች በእጇ መርጣ የገዛችው፣ ለአራሷ አናት የተባለ ቅቤ ነው። የሚቀልጥ ነገር ከተሰባሪ ጋር እንደማይላክ ለስንቱ ሰው ተናግራለች! የቆቦ ሙቀት ቅቤውን ገና መናኸሪያ ሳለ ውሃ ያደርገዋል፤ የፈሰሰበት ካርቶን ይላላል፣ የላላ ካርቶን የተጫነበትን አይችልም፣ ሥሩ ያለው የሌላ ሰው ዕቃም ይበላሻል። ይህን ሁሉ እያወቀች ቅቤውን በሦስት ላስቲክ አሰረችና ከፔርሙዙ ጎን ወሸቀችው። ወረቀቱ ላይ አልጻፈችውም። የፔርሙዙን ኪሎ ብቻ ጽፋ አሸገች። ሌባ ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የምትያዝ ሴት ናት፤ ካርቶኑን ተሸክማ ቢሮ ስትገባ ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ይነበብ ነበር።

ቢኒያም አንደኛውን መዘነ፤ ልክ ነው። ሁለተኛውም ልክ ነው። ሦስተኛውን ሲያስቀምጥ ወረቀቱን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ካርቶኑን አወረደና ደግሞ ሰቀለው።

“እትዬ መይሙና፣ ሚዛኔ ተበላሽቷል መሰለኝ” አለ ቀስ ብሎ።

ይህ ጨዋ ሰው ሊያሳፍራት አልፈለገም፤ ጥፋቱን ለሚዛኑ ሰጠው። ይህን ስታስብ ሐፍረቷ ይልቁን ባሰ።

“ሚዛንህ ደህና ነው” አለች። “ቅቤ ነው ቢኒዬ። ወላሂ አፍሬያለሁ።”

“ለፈሪሀ ነው?”

“ለአናቷ። እንግዲህ ምን ላድርግ?”

ቢኒያም አልተቆጣትም። ምላጩን አቀበላት፤ ራሷ ፕላስተሩን ቀደደች። ቅቤውን አውጥታ ክፍተቱን በስፖንጅ ሞላች፣ ነቀነቀችው፣ መልሳ አሸገችው። አሁን ወረቀቱና ሚዛኑ ተስማሙ። ቅቤው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ተሰባሪ ሲሆን ለተቀባዩ ደውሎ ዝርዝሩን ማንበብ የቢሮው ደንብ ነው። ቢኒያም ለፈሪሀ ደወለ፤ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ካርቶን አንድ ከሦስት፣ የሻይ ብርጭቆ፣ በየክፍሉ የቆመ” እያለ አነበበ። “ካርቶን ሁለት ከሦስት፣ ሰሃን፣ በጠርዙ የቆመ። ካርቶን ሦስት ከሦስት፣ ፔርሙዝ አንድ፣ ክዳኑ ለብቻ። ይኼው ነው። ቅቤ ነበረ፣ እሱ ግን አይሄድም።”

ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ የፈሪሀ።

“ይኼው ነው?” አለች። “ሌላ የለም?”

“ምን ቀረብሽ የኔ ዓለም?” አለች መይሙና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

“እማ፣ እዚያው ነሽ እንዴ? ካርቶን ማን ያነሳልኛል? ሆዴ ተቀዷል እኮ። ቅቤውስ ቢመጣ ማን ይቀባኛል? በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ነሽ ብዬ ነው የምነሳው።”

“አልጠራሽኝማ!”

“እናት ትጠራለች እንዴ?”

ከፈሪሀ ኋላ የአማቷ ድምፅ መጣ፤ “ሱቅዋን ትታ እንዳትቸገር ብለን እንጂ እኛስ ዓይናችን መንገድ ላይ ነው! ነይልን በያት” ይላሉ። መይሙና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በሰው የዋህ ቃል ስትቆስል መክረሟን አሰበችና በራሷ ተናደደች፤ ደስታው ግን ከንዴቱ በለጠ።

“የነገውን መኪና እይዛለሁ፣ ኢንሻአላህ” አለች። “አብሽሪ።”

ቢኒያም ስክሪፕቶውን አነሳ። “ዕቃውስ? አብሮሽ ይሂድ?”

“ሞኝ ነህ? በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ብርጭቆ! እሱ በናንተ ይምጣ። እኔ ቅቤዬን ታቅፌ እሄዳለሁ።”

“እንግዲያስ አራስ ከአልጋዋ ተነሥታ አትፈርምም፤ የተቀባዩን ስም እንቀይረው” አለና የፈሪሀን ስም ሰርዞ የመይሙናን ጻፈ።

መይሙና ናዝሬት በገባች በሦስተኛው ቀን ዕቃ አድራሹ ካርቶኖቹን ይዞ በር አንኳኳ። ወጣት ነው፤ ወረቀቱን አንብቦ ግራ ገባው።

“ላኪ መይሙና ከቆቦ ይላል። እሳቸው የት ናቸው?”

“እኔ ነኝ።”

“ተቀባይ መይሙናስ?”

“እሷም እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ይዘውት አይመጡም ነበር?”

“እጄን ለሌላ ፈልጌው ነው” አለችው። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቶ ነበርና ልትነቃነቅ አልደፈረችም። ፈሪሀ ከአናቷ ቅቤ እየወረደ፣ ሆዷን ደግፋ ቀስ እያለች መጣችና ለእናቷ ፈረመችላት።