እናታችንን እየቆፈርን

ቴለርቮ ሂርቮነን የተሳሳተ ቃል ስታይ አፍንጫዋን ትሸበሽባለች፤ የምር የሸተታት ነው የሚመስለው። በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በሐይቆች መሃል በተቀመጠች ትንሽ ከተማ፣ በከተማዋ ጋዜጣ ማረሚያ ክፍል ነው ወጣትነቷን የጨረሰችው። ባሏ ሾርባው ውስጥ ፀጉር ቢያገኝ መዞ አውጥቶ ይበላል። እሷ ግን የዳቦው መጠቅለያ ላይ አንድ ፊደል ተዛንፎ ካየች ዳቦው ራሱ በጉሮሮዋ አይወርድላትም።

አለቃዋ ዮውኮ ፊደል የሚያርመውን ፕሮግራም ያስገባ ዕለት፣ ሠራተኛውን ሁሉ ስክሪኑ ዙሪያ ሰብስቦ ሆን ብሎ አንድ ቃል አበላሽቶ ጻፈ። ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር ተሰመረ።

«አያችሁ? አይደክመው፣ ሻይ አይል፣ እንደ ቴለርቮ አያኮርፍ!» አለ።

ሁሉም ሳቀ። ቴለርቮ አልሳቀችም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ለአንድ ወዳጅ የሚጻፍ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ጻፈች፤ «ነገ ከሰዓት እገድልሃለሁ» የሚል። «አገኝሃለሁ» ለማለት የፈለገ ሰው በፊንላንድኛ አንድ «አ» ከጣለ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ቀይ መስመር የለም።

«እንዲህ ብሎ የሚሳሳት ማነው? ቀልደኛ ነሽ» አላት ዮውኮ።

«እሱ ቃሉ መኖሩን እንጂ ቦታው መሆኑን አይጠይቅም» አለችው። «የኛ ቋንቋ ቃል ጭራው ረጅም ነው። ለማን፣ ከማን፣ በማን ውስጥ፣ ያለ ማን፣ ምን እያደረጉ፣ ሁሉም ጭራው ላይ ነው የሚንጠለጠል። ማሽንህ ደግሞ ያንን ሁሉ ጭራ ተምሯል። ሲማር ጎበዝ ሆነ፤ ግን የሚያውቀው ቃል በበዛ ቁጥር፣ አንድ ፊደል የወደቀበት ቃል ሌላ ደህና ቃል ሆኖ የሚነሣበት ዕድል በዛ። ያኔ ማሽንህ በደስታ ያሳልፈዋል።»

«እሺ የኔ እመቤት፣ ትምህርቱ በቃን» አለ ዮውኮ።

ከዚያ በኋላ ማረሚያ ክፍሉ ተዘጋ። ቀይ መስመር የሌለበት ገጽ ቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሂድ ተባለ። ቴለርቮን ወደ ማስታወቂያ ክፍል አዛወሯት። ያገለገለ ትራክተር፣ የሚከራይ ጎጆ፣ የሙት ማስታወቂያ እየተቀበለች ትተይባለች። ሌሎቹ ገጾች ላይ የሚወጣውን ስህተት ጠዋት ጠዋት እያየች ይዘገንናታል። ለማን ትናገር? ዝም ብላ ቀይ መስመር መጠበቅ ለመደች፤ ካልመጣ ታልፋለች። በኋላ ከሁሉ የዘገነናት ይሄ ልማዷ ነው።

በጥቅምት የኩኦስማነን ቤተሰብ ልጅ ደወለች። እናቷ አውኔ አርፋለች። ማስታወቂያውን በስልክ አነበበችላት፤ ስም፣ የቀብር ቦታ፣ መጨረሻ ላይ «እናታችንን እየናፈቅን፣ ቪልያሚ ከልጆቹ ጋር»። ልጅቷ እያነበበች ታለቅስ ነበር። ቴለርቮ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ተየበች። ገጹ ንጹሕ ነው አለ ማሽኑ፤ ገጹም ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ጋዜጣውን ስትገልጥ የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። በሀገሯ ቋንቋ «እየናፈቅን» «ካይቫተን» ነው። ጣቷ «ት» የምትባለዋን አንድ ፊደል ዘሏታል፤ የተረፈው «ካይቫኤን» ነው፤ «እየቆፈርን»። ጨዋ ቃል ነው፣ አገባቡም ያው፣ መዝገበ ቃላት ውስጥም በክብር ተቀምጧል። ማሽኑ ምን በድሎ! እናታችንን እየቆፈርን፣ ቪልያሚ ከልጆቹ ጋር።

ቢሮ ስትደርስ ዮውኮ ስልኩን ሲዘጋ አገኘችው።

«ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ሳቅ ብቻ ነው!» አለ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «በሚቀጥለው እትም ድጋሚ በነፃ እናወጣለን። ለቤተሰቡ ደግሞ እናንተ ናችሁ እንዲህ ያነበባችሁልን በያቸው። በስልክ የተባለውን ማን ያጣራል?»

ቴለርቮ ማንን እንደምትጸየፍ ለጊዜው ጠፋባት፤ እሱን፣ የሱን ማሽን፣ ወይስ የራሷን ጣት። ኮቷን ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣች።

የአውኔ ባል የቪልያሚ እርሻ ከጫካው ጫፍ ነው። ሽማግሌው በሩን ከፈተላት። ጠረጴዛው ላይ የተቆረሰ ጥቁር ዳቦና ያልተነካ በጭስ የደረቀ ዓሣ ነበር። ጋዜጣው ማገዶ ሳጥኑ ውስጥ ተወርውሯል።

«ቴለርቮ ሂርቮነን እባላለሁ፤ ማስታወቂያውን የተየብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልጅዎ በትክክል ነው ያነበበችልኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቪልያሚ ወደ ማገዶ ሳጥኑ ተመለከተ። ቀጥሎ «ሱቅ ሄጄ ነበር» አለ። «የሳሪነን ልጅ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አካፋ ላውስህ ቪልያሚ፣ ወይስ አገኘሃት?› ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስቢው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ! ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አስታወከኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሳይወጣ ማንም አላነበበውም?»

«ማንም።»

«እኔ ድንች ስሸጥ እንኳ የበሰበሰውን በእጄ ነው የምለቅመው» አለ። «አውኔን ግን በእጁ የነካ የለም ማለት ነው።» ከዚያ ወንበር ሳበላት። «ተቀመጪ። ዛሬ ካየኋቸው ውስጥ ያልሳቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

በማግስቱ ዮውኮ የማረሚያውን ቃል ጽፎ ገጹ ላይ አስቀመጠው፤ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ቴለርቮ ስክሪኑ ላይ አይታ ቢሮው ገባች።

«ምን ቴክኒክ ተበላሸ? ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ያልሠራነው እኛ ነን።»

«እና የተየብሽው አንቺ መሆንሽን ልጻፈው? ስምሽን ላውጣው?» አለ ሊያስፈራራት።

«አውጣው።»

«ምን?»

«አውጣው አልኩህ። ከሥሩ ግን ሳይወጣ ማንም ሰው አላነበበውም የሚል ይጨመርበት። ካልሆነ እኔው ራሴ አውጥቼ ለከተማው ሁሉ እነግራለሁ።»

ዮውኮ ተሳደበ፤ በሩን ወረወረው። በመጨረሻ ግን ከአውኔ የተስተካከለ ማስታወቂያ ሥር እንዲህ ወጣ፦ «የቀድሞውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ከመታተሙ በፊት የትኛውም ሰው አላነበበውም። ቴለርቮ ሂርቮነን።»

ከተማው የያዘው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው። «ለካ ማንም አያነበውም?» እያለ የሚደውለው በዛ። የሙት ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ካላነበበለት አልከፍልም ማለት ጀመረ። ጋዜጣው የሙታኑን ገጽ ለቴለርቮ መለሰላት፤ የቀሩትን ገጾች ግን ለማሽኑ ተወላቸው። ቪልያሚ ይሄም አልማረከውም፤ ደንበኝነቱን ሰረዘ። ቴለርቮን ሲያገኛት ግን ባርኔጣውን ያነሣላታል።

እሷም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሙታኑን ገጽ ፊደል በፊደል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከዚያ የቀሩትን ገጾች ትገልጥና አፍንጫዋን ትሸበሽባለች። አንድ ቀን የከተማው ምክር ቤት ዜና ላይ በአንድ ፊደል ሳቢያ የሊቀ መንበሩ ንግግር የሊቀ መንበሩ ጩኸት ሆኖ አየች። ቀይ መስመር የለበትም። ባሏ ምን አለ ብሎ ጠየቃት። ጋዜጣውን አጣጥፋ ወደ ምድር ቤት ወረደችና የድንች ልጣጭ ባልዲው ውስጥ አነጠፈችው።