በጉ ለምን እንደሮጠ

ከሸጎሌ ገበያ ስላመለጠ በግ የሚተርከውን ምንባብ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየአቅማቸው እንዲያነቡት በሦስት ደረጃ ጻፍኩት። ለጀማሪዎቹ ዓረፍተ ነገሮቹን አሳጠርኩ፣ የከበደውንም አወጣሁ። ግጥም ስለምጽፍ መቁረጥ ይቀናኛል። ጥያቄዎቹ ግን ለሁሉም አንድ ነበሩ።

"በጉ ለምን ሮጠ?" አልኩ።

ቀላሉን ወረቀት የያዘች፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የኔ ላይ የለም።"

"ደግመሽ አንብቢው።"

በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። "የለም።"

"ማንበብ አትችልማ!" አለ ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ።

ወረቀቷን ተቀብዬ አየሁት። በጉን ክላክስ እንዳስደነገጠው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ወደ ኋላዋ ዞረች። "ሰማህ? እኔ አንብቤዋለሁ፤ ቲቸር ነው ያልጻፈው።"