ዓሣው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ

ከአዳማ ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት ባለቤቴ ኮሌጅ ሲመደብ ነው። እኔም ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት በሙከራ ተቀጠርኩ። ያስቀጠረኝ የመስተንግዶ ኃላፊው ነው፤ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሁልጊዜ የሚሮጥ፣ «እርስዎ» ያለውን ሁሉ «አንተ በሉኝ» እያለ የሚቆጣ ሰው። ሥራውን ያስተማሩኝ ደግሞ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ወጥ ሲቀምሱ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ጎጃሜ ሴትዮ። ሁለቱንም እወዳቸው ነበር። የዚያን ዕለት ጭንቀቴም ከዚሁ የመጣ ነው።

አንድ ዓርብ የሥልጠና ተሳታፊዎች ምሳ ነበረን። ዓርብ ሲሆን ሁለት ጠረጴዛ እንዘረጋለን፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። ዓሣ ግን እዚህ ከተማ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። በጾም የሚበላው አለ፤ ዓሣ የነካውን ማንኪያ እንኳ የማያስጠጋም አለ። እኔ ያደግኩበት ቤት ይበላ ስለነበር ለክርክሩ ብዙም ደንታ አልነበረኝም። ሴትዮዋ ጠዋት ወደ ዓባይ ማዶ ቀብር ሊሄዱ ነጠላቸውን እያጣፉ በር ላይ ቆሙ።

«ዓሣው ከፍስኩ ጋር ይሁን። የሚጠበስበትንም ዘይት ለብቻ አድርጊው፤ የጾሙን እንዳትነኪብኝ» ብለውኝ ሄዱ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው እየሮጠ ገባ።

«እህቴ፣ ዓሣውን ወደ ጾሙ ጠረጴዛ አዙሪው። አዘጋጆቹ አሁን ደወሉ፤ ጿሚዎቹ የጣና ዓሣ እየጠበቁ ነው።»

«እሳቸው ከፍስኩ ጋር ብለዋል» አልኩት።

«ደንበኛው የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው።»

እውነቱን ነው። የደንበኛን ፍላጎት የሚቀበለው እሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እኔን የሚያዙኝ ግን እሳቸው ናቸው። ትዕዛዝ ሲለወጥ እሱ ለሳቸው ይነግራል፣ የትዕዛዙ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ እሳቸው ደግሞ ለእኛ ያስተላልፋሉ። ደወልኩላቸው፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛውን ተውኩት፤ ለቀስተኛ መሀል ስልክ ማስጮህ አፈርኩ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የግምገማ ቅጹን ደግሞ የሚሞሉት ሁለቱ ናቸው። እምቢ ብል ባለውለታዬን ማስቀየሜ ነው። እሺ ብል ደግሞ አምነውኝ የሄዱትን ሴት ዘወር ሲሉ መክዳቴ ነው። አልዋሽም፣ ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። ዓሣውን አዙሮ «እሱ ነው ያዘዘኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ሴትዮዋ በሩ ላይ እንደቆሙ ከዓይኔ አልጠፋ አሉኝ።

«አላዞረውም» አልኩት። «ረሳሁት እንዳልልህ ነው ፊት ለፊት የምነግርህ። ወረቀቱ ላይ ብትፈርምም እሳቸው ሳይሰሙ አላደርገውም። ከፍስኩ ጠረጴዛ ጫፍ፣ ለጾሙ ቅርብ በሆነው በኩል አስቀምጠዋለሁ። የፈለገ ሁለት እርምጃ ይራመዳል።»

«እኔ እኮ ነኝ ያስቀጠርኩሽ» አለኝ በቀስታ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈለጉት ተራመዱ፣ ዓሣውም አለቀ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ በሰላምታ ብቻ ያልፈኝ ጀመር፤ ሆድ ባሰኝ።

ሴትዮዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጫማቸውን እየቀየሩ ሰሙኝ።

«እሱ ራሱ ቢጠይቀኝ ኑሮ እለውጥለት ነበር» አሉ። «ጠረጴዛውን ማለቴ ነው። የጾሙን ዘይት ግን አልሰጠውም።»

ተናደድኩ። «ታዲያ እኔ ለምንድን ነው እንዲህ የተጨነቅኩት?»

«እኔ ነኛ መለወጥ የምችል። አንች ብትለውጭው ኑሮ ነገ ለቅሶ ስሄድ ወጥ ቤቱን ለማን እተወዋለሁ? አምኘሽ ነው የሄድሁ።»

ንዴቴ ወዲያው አልበረደም። ማታ ለባለቤቴ ሳወራለት ግን የደጋገምኩት የመጨረሻዋን ቃላቸውን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ቅጹ ወጥ ቤት መጣ። ኃላፊው ቀድሞ ሞልቶታል። «መሻሻል ያለበት» ከሚለው ሥር በዚያ የችኮላ ጽሕፈቱ «ከአለቃዋ ሌላ ሰው አትሰማም» ብሏል። በቃ ተባረርኩ አልኩ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉና ሁለት ጊዜ አነበቡት። ብዕሬን ተቀብለው «ጠንካራ ጎን» ከሚለው ሥር ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ገለበጡት። «ትቀጠር» ብለው ፈረሙ።

ኃላፊው ቅጹን ሊወስድ መጥቶ እዚያው ቆሞ አነበበ። ላይኛውን አየ፣ ታችኛውን አየ። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«አየሽ፣» አለኝ «አንዳንዴ እኔና እሳቸውም እንስማማለን።»