«ዝጊው፣ እኔ ልደውልልሽ»

ለእናቴ ስልክ ስደውል ከሰላምታ ቀጥላ የምትለኝ ነገር ያው አንድ ነበር፦ «ካርድሽ እንዳያልቅ ዝጊው፣ እኔ ልደውልልሽ።» የስልኬን ሒሳብ የሚሞላልኝ መሥሪያ ቤቴ መሆኑን ስንት ጊዜ ነገርኳት! አትሰማም። ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ደግሞ ቁጥሮቹን ማየት ስላቃታት፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ካለው ቤቷ ወጥታ የምትደውልላት ጎረቤት ትፈልጋለች። እኔ ወሰን ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እየተንጨረጨርኩ እጠብቃለሁ። በስህተት የደወለላትን ሰው እንኳ «ሒሳብህን አትጨርስ ልጄ» የምትል ሴት ናት። በዚህ ጠባይዋ ያልቀለድኩበት ጊዜ የለም።

ጊዜው ባንኮች ገንዘብን በሞባይል ማስተላለፍ የጀመሩበት ሰሞን ነበር። ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ያጠራቀምኩት ገንዘብ በእኔ ሒሳብ ተቀምጧል፤ ቀጠሮዋም በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እሱ ቢጠፋ ሌላ የምንይዘው አልነበረንም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ወጥቼ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰውየው ስሜን ከነአባቴ ጠራው። ድምፁ የተረጋጋ፣ አነጋገሩ ጨዋ ነው።

«ከባንኩ የማጭበርበር መከላከያ ክፍል ነው። አሁን አንድ ሰው ከሒሳብዎ ገንዘብ ሊያወጣ እየሞከረ ነው። በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝና ወዲያው እናግደዋለን።»

ክው አልኩ። መልእክቱ እውነትም ከባንኩ መጣ። ለማንበብ እንዲመቸኝ ድምፁን ወደ ውጭ አደረግኩት። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ይላል።

«ለማንም አትንገሪ ይላል እኮ» አልኩት።

«እሱ ለሌላ ሰው ነው፤ እኛ ባንኩ ነን። ይፍጠኑ እንጂ፣ ብሩ እየወጣ ነው!»

በድንጋጤ አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። እናቴ ግን ቀደመችኝ።

«ማነው እሱ?»

«ባንክ ነው፣ እማ።»

«በራሱ ካርድ ነው የደወለው?» አለችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታወራ ሒሳብህ አለቀ። ዝጋው፣ እኛ እንደውልልሃለን።»

«አይ እናቴ፣ እንዳይዘጉት! ከተዘጋ ገንዘቡ ይሄዳል!»

«ምን ችግር አለው? ባንክ ከሆንክ እዚያው ነህ። አሁኑኑ እንደውላለን።»

«እንዳይዘጋ አልኩሽ እኮ!» ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። «አሮጊቷን ዝም አስብያትና ቁጥሩን ንገሪኝ!»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ አእምሮዬም አብሮ ነቃ። ባንኩ ራሱ የላከውን ቁጥር መልሶ ከእኔ የሚለምነው ለምንድን ነው? ሒሳቤን ማገድ ከፈለገ ስልኩ ቢዘጋ ምኑ ይጎድልበታል? ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም።

እናቴ ግን አላረፈችም። «በይ እንጂ ደውይለት፣ ቃል ገብተናል።»

«በደወለበት ቁጥር ብደውል ያው እሱ ነው የሚያነሳው፣ እማ!» አልኩና የኤቲኤም ካርዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለበጥኩት። ከጀርባው የባንኩ የራሱ ስልክ ተጽፏል። በእሱ ደወልኩ። ከመጠበቂያው ሙዚቃ በኋላ ያነሳችው ሠራተኛ የሆነውን ሁሉ ሰማችኝ። ሰውየው የእኔን ሒሳብ በራሱ ስልክ ላይ ሊያስመዘግብ እየሞከረ እንደነበረ፣ የቀረችውም ያች ቁጥር ብቻ እንደሆነች ነገረችኝ። «ገንዘብዎ አልተነካም። እኛ ደውለን ያን ቁጥር አንጠይቅም፤ ማንም ቢጠይቅ አይስጡ።» የሞባይል አገልግሎቱን ወዲያው ዘጋችልኝና ሰኞ መታወቂያዬን ይዤ ቅርንጫፍ ሄጄ የሚስጥር ቁጥሬን እንድቀይር መከረችኝ። ሰኞ በጠዋት በሩ ሳይከፈት ደረስኩ።

ስልኩን ዘግቼ የእናቴን እጅ ሳምኩ። ሰውየው ምን ሊያደርግ እንደነበረ ሳስረዳት ግን ስለ ገንዘቡ ብዙም አላለች። «ሒሳቡ ያለቀበት መስሎኝ አዝኜለት ነበር እኮ!» ብላ በጣም ተናደደች። ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ።

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮው ቀን ተደረገላት። ቤቷ ከገባች ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዴት ዋለች ብዬ ደወልኩ።

«ዝጊው፣ እኔ ልደውልልሽ» አለች።

ሳልከራከራት ዘጋሁትና ስልኩን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ከወትሮው ዘገየች። በመጨረሻ ሲጠራ አንስቼ «እማ፣ ጎረቤትሽ የለችም እንዴ?» አልኳት።

«አለች» አለችኝ፤ «ግን ዛሬ ቁጥርሽን በዓይኔ እያየሁ ራሴ ነው የደወልኩት።»